ኤንፒቪው ኔጋቲቭ ወጣ፤ ማሽኑን እንተወው ወይስ ስሌቱ ነው የተሳሳተው?

ካርቶን አምራች

ሰላም ለሁላችሁ። የማሸጊያ ካርቶን የሚያመርት አነስተኛ ድርጅት አለን። አንድ ተጨማሪ ማሽን እንግዛ ወይስ ይቅርብን በሚል ከሸሪኮቼ ጋር ከተከራከርን ቆየን። ነገሩን በቁጥር እንጨርሰው ብዬ የተጣራ የአሁን ዋጋውን፣ ማለትም ኤንፒቪውን፣ በኤክሴል ሠራሁት።

ቁጥሮቹ ሁሉ በሺህ ናቸው። ማሽኑ ተገጥሞ ሥራ እስኪጀምር 1,000 ይፈጃል። 5 ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሸጥ ነገር አይኖረውም። ሽያጫችንን በዓመት 700 ይጨምራል። ለወረቀት፣ ለመብራትና ለደመወዝ ደግሞ 400 ያስወጣል። ስለዚህ በዓመት 300 ይተርፋል። ለአዋጭነት ጥናት 80 ከፍለናል፤ እሱንም ከማሽኑ ዋጋ ጋር ደምሬዋለሁ። ባንክ በ20 በመቶ ስለሚያበድረን ዲስካውንት ሬቱን 20 በመቶ አደረግሁት።

ኤክሴል −152 ሰጠኝ። አንዱ ሸሪኬ «በቃ፣ አለቀ» ብሏል። እኔ ግን ገበያውን ስለማውቀው ማመን አቃተኝ። ምን ትላላችሁ?

ቶሎ መላሽ

ወንድሜ ለምን ራስህን ታስጨንቃለህ? 1,000 ታወጣለህ፣ በዓመት 300 ታገኛለህ። ገንዘብህ በ3 ዓመት ከ4 ወር ይመለሳል። ማሽኑ 5 ዓመት ይሠራል። የቀረው ትርፍ ነው። ግዛው።

ስሌት ወዳድ

@ቶሎ መላሽ፣ ገንዘቡ ቶሎ መመለሱ ደህና ምልክት ነው፤ በተለይ ነገ ምን እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጊዜ። ግን የአራተኛ ዓመት 300 ከዛሬ 300 ጋር እኩል ነው ብለህ ነው የቆጠርከው። ባንኩ ግን እንደዚያ አይቆጥርም።

ጠያቂው ደግሞ ወለዱን የረሳኸው ይመስለኛል። ማሽኑ በብድር የሚገዛ ከሆነ በየዓመቱ ከ300 ላይ የባንክ ወለድ መቀነስ አለበት። ያን ጊዜ ኔጋቲቩ ይብሳል።

የፕሮጀክት ገምጋሚ

ለረጅም ጊዜ የሰዎችን የፕሮጀክት ስሌት ሳይ ኖሬያለሁ። ይኼኛው ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ዓይነት ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

መጀመሪያ ቁጥሩ ራሱ። ያስቀመጥካቸውን ይዤ በእጄ ሳሰላው −152 አይመጣም። በ20 በመቶ፣ ለ5 ዓመት በየዓመቱ መጨረሻ የሚገባ 300 ዛሬ 897 ያህል ነው። ከዚያ 1,080 ሲቀነስ −183 ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? −183ን ለ1.2 ብታካፍለው −152 ይሆናል። ይህ የኤክሴል የታወቀ ወጥመድ ነው። `NPV` የሚለው ፎርሙላ የመጀመሪያውን ቁጥር የዛሬ ገንዘብ ሳይሆን ከአንድ ዓመት በኋላ የሚወጣ አድርጎ ነው የሚወስደው። የማሽኑን ዋጋ እዚያው ውስጥ ስትከተው ሁሉም ነገር በአንድ ዓመት ወደ ኋላ ይገፋል። የዛሬው ወጪ ከፎርሙላው ውጭ መደመር አለበት፦

```
=NPV(0.2, B2:B6) + B1
```

`B1` ውስጥ የዛሬው ወጪ በኔጋቲቭ ይቀመጣል። ፕላስ ወይም ማይነስ መሆኑን ይህ ስህተት ብቻውን አይቀይረውም፤ መጠኑን ግን ያዛባል። ሁለት ፕሮጀክት ስታወዳድር ደግሞ ያሳስትሃል።

ሁለተኛ፣ ያ 80። ለጥናቱ ከፍለሃል፤ ሄዷል። ማሽኑን ብትገዛም ባትገዛም አይመለስም። ኤንፒቪ የሚጠይቀው «ከዛሬ ጀምሮ ውሳኔዬ ምን ይቀይራል?» ብሎ ነው። ውሳኔህ የማይቀይረው ገንዘብ ከስሌቱ ይወጣል። ስለዚህ −103 ላይ ነን።

@ስሌት ወዳድ፣ ወለዱን መቀነስ ግን ልክ አይደለም። 20 በመቶው የገባው እኮ የገንዘቡን ዋጋ ለመክፈል ነው። ወለዱን ከ300 ላይ ቀንሰህ ደግሞ በ20 በመቶ ብታወርደው አንዱን ዕዳ ሁለት ጊዜ አስከፈልከው ማለት ነው። ብድሩን ለብቻው መከታተል የምትፈልገው በየወሩ ለባንክ የሚከፈለው በእጅህ ይኖር እንደሆነ ለማወቅ ነው። እሱ ሌላ ጥያቄ ነው፤ አስፈላጊ ቢሆንም ሌላ ነው።

አሁን ለጠያቂው አንድ ጥያቄ አለኝ። 700 እና 400 በዛሬ ዋጋ ናቸው ወይስ የሚቀጥሉትን ዓመታት የዋጋ ጭማሪ አስበህባቸዋል?

ካርቶን አምራች

እግዜር ይስጥልኝ። የኤክሴሉን አስተካክያለሁ፤ እውነትም −103 መጣ።

ሁለቱም በዛሬ ዋጋ ናቸው። የዛሬ 4 ዓመት ካርቶን ስንት እንደሚሸጥ ማን ያውቃል? እንደዛሬው ይሁን ብዬ አምስቱንም ዓመት 300 አደረግሁት። ጥንቃቄ ነው ብዬ ነው። የኑሮ ውድነቱ በዓመት ወደ 10 በመቶ እየሄደ ነው ቢባልም እኔ አላስገባሁትም።

የፕሮጀክት ገምጋሚ

ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ጥንቃቄ ይመስላል፤ ግን አይደለም።

ባንኩ 20 በመቶ ሲልህ ከሚመጣው የዋጋ ንረት ራሱን ለመከላከል የሚጨምረው አለበት። ገንዘቡ ሲመለስለት የመግዛት አቅሙ እንደሚቀንስ ያውቃል። ስለዚህ በ20 በመቶ ውስጥ የግሽበቱ 10 በመቶ አለ። አንተ ደግሞ 300ው ለ5 ዓመት ሳይነቃነቅ ይቀመጣል ብለሃል። ከታች የምታወርድበት ቁጥር ግሽበት አለው፤ ከላይ ያለው ገቢህ የለውም። ስለዚህ ገቢህን በማይመለከተው ነገር ቀጣኸው። እንዲህ ያለ ስሌት ጥሩ ፕሮጀክትን በተለይም ረጅም ዕድሜ ያለውን ይገድላል።

መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ገቢውንም እንደ ግሽበቱ ማሳደግ ነው። ያኔ የመጀመሪያው ዓመት 330፣ ሁለተኛው 363፣ ሦስተኛው 399፣ አራተኛው 439፣ አምስተኛው 483 ይሆናል። በ20 በመቶ ሲወርድ ድምሩ 1,164 ነው። 1,000 ሲቀነስ +164።

ሁለተኛው፣ 300ውን እንዳለ ትቶ ግሽበቱን ከዲስካውንት ሬቱ ማውጣት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው 20 ሲቀነስ 10፣ 10 ይላል። እንደዚያ አይደለም። 1.20ን ለ1.10 ታካፍላለህ፤ 1.0909 ይመጣል። ሬቱ 9.09 በመቶ ነው። ዝምድናውን አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ኢርቪንግ ፊሸር በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ በዝርዝር ስላሳየው በስሙ ይጠራል። 300 ለ5 ዓመት በ9.09 በመቶ ሲወርድ እንደገና 1,164 ነው። ሁለቱ መንገዶች አንድ መልስ ካልሰጡህ የሆነ ቦታ ቀላቅለሃል ማለት ነው። ዝም ብሎ 10 በመቶ ያደረገ ሰው +137 ያገኛል።

ስለዚህ ከ−103 ወደ +164 ሄድን። ማሽኑ አልተቀየረም፤ ገበያውም አልተቀየረም።

ካርቶን አምራች

ታዲያ ይገዛል ማለት ነው! ለሸሪኬ አሁኑኑ ልላክለት።

የፕሮጀክት ገምጋሚ

ቆይ፣ አትላክ። ሽያጭህ በ700 ሲጨምር ወረቀት ቀድመህ ገዝተህ ታከማቻለህ አይደል? ደንበኞችህስ ወዲያው ይከፍላሉ?

ካርቶን አምራች

ወረቀት ቢያንስ የወር ተኩል ይዘን ነው የምንሠራው። ደንበኞች ደግሞ በዱቤ ነው የሚወስዱት፤ አንዳንዱ ሁለት ወር ያቆያል። ለአዲሱ ማሽን 150 ያህል ተይዞ የሚቆይ ይመስለኛል። ግን እሱ እኮ ወጪ አይደለም፤ መጨረሻ ላይ ይመለሳል።

የፕሮጀክት ገምጋሚ

ይመለሳል፤ ግን ከ5 ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ታስሮ ይቆያል፤ ለታሰረ ገንዘብም በዓመት 20 በመቶ እየከፈልክ ነው። በዚያ ላይ ዋጋ በ10 በመቶ ሲጨምር ያው የወረቀት ክምችት የበለጠ ገንዘብ ይበላል። 150ው በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ 165 መሆን አለበት፣ ቀጥሎ 181.5፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። በየዓመቱ 15፣ 16.5፣ 18፣ 20 ያህል ከኪስህ ትጨምራለህ። መጨረሻ ላይ 220 ገደማ ይመለስልሃል፤ ያ ግን ዛሬ ባለው ዋጋው 88 ብቻ ነው። ሁሉም ተደማምሮ የሥራ ማስኬጃ ገንዘቡ ፕሮጀክቱን 106 ያስከፍለዋል።

164 ሲቀነስ 106፣ +58።

አሁንም ፕላስ ነው። ግን ቀጭን ሆነ። ብዙ ሰው ግሽበትን ገቢው ላይ ያስገባና ሥራ ማስኬጃው ላይ ይረሳዋል።

የወረቀት ነጋዴ

ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳነብ ነበር። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሽያጩም ወጪውም በ10 በመቶ ያድጋል ያላችሁት ከየት መጥቶ ነው?

እኔ ለካርቶን አምራቾች ወረቀት አቀርባለሁ። ዋጋ ሲጨምር እኔ በሳምንቱ ነው የምጨምረው፤ አማራጭ የላቸውም፣ ይገዛሉ። እነሱ ግን ደንበኛቸው ላይ ወዲያው አይጨምሩም። ትልልቆቹ ገዢዎች የዓመት ውል አላቸው። ትንሽ ጨመር ካደረጉባቸው ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ስለዚህ የካርቶን ዋጋ ከወረቀት ዋጋ ኋላ ኋላ ነው የሚሄደው። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይበላቸዋል። ይኼ ስሌት ውስጥ የት አለ?

የፕሮጀክት ገምጋሚ

@የወረቀት ነጋዴ፣ በጣም ጥሩ ነጥብ አነሱ፤ እርስዎ ያሉትን ከወንበሬ ሆኜ ማየት አልችልም ነበር። ትክክል ነዎት፣ «ግሽበት 10 በመቶ ነው» ማለት ሁሉም ዋጋ እኩል ይሄዳል ማለት አይደለም። ስሌቱ 300ን እንደ አንድ ቁጥር እስከያዘ ድረስ ይህ ተደብቆ ይቀራል። 700ው እና 400ው ለየብቻ መሄድ አለባቸው።

ወጪው በ10 በመቶ ይደግ፣ ሽያጩ በ8 በመቶ ብቻ ይደግ እንበል። የሁለት ነጥብ ልዩነት ብቻ ናት። በየዓመቱ የሚተርፈው እንዲህ ይሆናል፦ 316፣ 332፣ 349፣ 367፣ 384። እያደገ ስለሚሄድ ሲያዩት ምንም የተበላሸ አይመስልም። በ20 በመቶ ሲወርድ ግን ድምሩ 1,028 ነው። ከማሽኑ 1,000 ሲቀነስ 28፤ ከዚያ የሥራ ማስኬጃው 106 ሲቀነስ −78።

ተመልሰን ኔጋቲቭ ገባን።

መሀል ላይ የት እንደሚገለበጥም ፈልጌያለሁ። ሽያጩ በዓመት 9.15 በመቶ አካባቢ ቢያድግ ኤንፒቪው ዜሮ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ግዛ፣ በታች ከሆነ ተው። እኔ ለሸሪክህ የምልክለት ቁጥር ይህ ነው፤ +58ም፣ −78ም አይደለም። «ወጪያችን 10 በመቶ ሲጨምር ዋጋችንን ቢያንስ 9.15 በመቶ መጨመር እንችላለን ወይ?» ይህን ሁለታችሁም ከሥራችሁ ልትመልሱት ትችላላችሁ። ዲስካውንት ሬት ላይ መከራከር አያስፈልጋችሁም።

ሕንፃ የጀመረ

ይቅርታ፣ የኔ ጉዳይ ትንሽ ይለያል ግን ተመሳሳይ ነው። ሕንፃ ጀምሬ መሀል ላይ ቆሟል። እስካሁን 600 አውጥቻለሁ። ለመጨረስ 250 ይቀራል። ቢጠናቀቅ የሚያስገባው ኪራይ ዛሬ ባለው ዋጋ 400 ያህል እንደሚሆን አስልተውልኛል። 850 አውጥቼ 400 ማግኘት እብደት ነው ይሉኛል። በሌላ በኩል ደግሞ 600 አፍስሼ ጥዬ መሄድ አንጀቴ እምቢ አለ። ላይ እንደተባለው 80ው ከወጣ 600ውም ይወጣል ማለት ነው?

ስሌት ወዳድ

አዎ ይወጣል! 250 አውጥተህ 400 ታገኛለህ፤ ኤንፒቪው +150 ነው። ጨርሰው።

የፕሮጀክት ገምጋሚ

600ው መውጣቱ ልክ ነው። ግን @ሕንፃ የጀመረ፣ ባለበት ሁኔታ የሚገዛህ አለ?

ሕንፃ የጀመረ

አለ። አንድ ጎረቤት መሬቱንም ጅምሩንም ጨምሮ 180 እሰጣለሁ ብሎኛል። ስድብ መስሎኝ መልስ እንኳ አልሰጠሁትም።

የፕሮጀክት ገምጋሚ

ከ600 አንጻር ካየኸው ስድብ ነው። ከ150 አንጻር ግን ይበልጣል። ያወጣኸው ገንዘብ አይቆጠርም፤ ዛሬ ሸጠህ ልታገኘው የምትችለው ግን ይቆጠራል፤ ምክንያቱም ስትጨርሰው እሱን ትተዋለህ። በሰጠኸን ቁጥር ከሄድን መሸጡ በ30 ይሻላል። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ግን ያ 400 እንዴት እንደተሰላ ሳታጣራ አትወስን። ኪራዩ የሚጀምረው በ6 ወር ቢዘገይስ? 250ው 300 ቢሆንስ? እነዚህ ሁለቱ ወደ መሸጡ ነው የሚገፉህ። ኪራዩ በየዓመቱ የሚጨምር ሆኖ ሳለ ያሰላልህ ሰው ሳይጨምረው ቀርቶ ከሆነ ደግሞ ወደ መጨረሱ ይገፋሃል። እንደ ካርቶኑ ማለት ነው።

ሕንፃ የጀመረ

ኪራዩ ይጨምር አይጨምር አልጠየቅኩም። እጠይቃለሁ። ጎረቤቱንም አናግረዋለሁ።

ካርቶን አምራች

ወደኔ ጉዳይ ልመልሳችሁ። ከትናንት ጀምሮ ያለፉትን ዓመታት ደረሰኝ አውጥቼ ሳይ ነበር። @የወረቀት ነጋዴ ያሉት ግማሹ እኛ ላይ ይሠራል። ሦስት ትልልቅ ደንበኞች አሉን። እነሱ ላይ ወረቀት ከጨመረ በኋላ ዋጋ ለመጨመር ወራት ይፈጅብናል። ትንንሾቹ ላይ ግን ወዲያው ነው የምንጨምረው፤ አይለቁንም። አዲሱ ማሽን የሚያመርተውን ለማን እንደምንሸጥ እኮ ገና አልወሰንንም።

ሸሪኬ ደግሞ ሌላ ነገር አመጣ። «20 በመቶ የባንክ ነው፤ እኛ ግን ግማሹን ከራሳችን ነው የምናወጣው። የራሳችን ገንዘብ ነጻ ነው» ይላል። ሬቱ 10 በመቶ ይሁን ባይ ነው።

ስሌት ወዳድ

የራስ ገንዘብ ነጻ ከሆነ ለምን ለኔ አያበድረኝም? ያ ገንዘብ ሌላ ቦታ ቢገባ የሚያገኘው አለ። እንዲያውም ከባንኩ በላይ መጠየቅ ያለበት የራስ ገንዘብ ነው፤ ቢከስር መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው፣ ባንኩ መያዣ አለው። እኔ ብሆን 25 በመቶ አደርገዋለሁ።

የፕሮጀክት ገምጋሚ

ነጻ አለመሆኑ ላይ እስማማለሁ። 25 በሚለው ላይ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ሰዎች ሲፈሩ ሬቱን ከፍ ያደርጋሉ፤ ይህ ሩቅ ያለውን ገቢ ከቅርቡ ይልቅ ክፉኛ ይቆርጠዋል። የናንተ ስጋት ግን ዓመት በተቆጠረ ቁጥር የሚገዝፍ ጥቅል ስጋት አይደለም። የታወቀ ቦታ አለው፤ የሽያጩ ዋጋ ላይ ነው። እዚያው ላይ ይታይ ባይ ነኝ። ሽያጩ 8 ሲሆን ይኼ፣ 10 ሲሆን ይኼ ብሎ ማስቀመጥ። ሬቱ ውስጥ ከተቀበረ ማንም አያየውም።

ስሌት ወዳድ

አልተዋጠልኝም። ሽያጩን ብቻ አይደለም የምፈራው። ማሽኑ ሊበላሽ ይችላል፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል። ሁሉንም እየዘረዘርክ ልታሰላ ነው? የሆነ ቦታ ላይ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጎ መሄድ ይቀላል።

የፕሮጀክት ገምጋሚ

ይቀላል፤ እውነት ነው። ማሽኑ በዓመት ሁለት ሳምንት ይቆማል ካልክ ግን ሽያጩን ከ700 ወደ 673 ዝቅ ማድረግም አይከብድም። ያኔ ለምን ዝቅ እንዳለ ይታወቃል። እዚህ ላይ ላንስማማ እንችላለን።

ቶሎ መላሽ

እኔ አሁንም 3 ዓመት ከ4 ወሬ ላይ ነኝ 🙂 ግን አንድ ልጠይቅ። ግብር የት ሄደ? ማንም አላነሳውም።

የፕሮጀክት ገምጋሚ

ጥሩ አስታወስክ። ግብር ሲገባ ያ +58 መቀነሱ አይቀርም፤ ፕላስ ላይ ይቆይ አይቆይ የሚያሳየው ስሌቱ ነው። እዚህም ግሽበት ይገባበታል። ከግብር በፊት የሚቀነሰው የማሽን እርጅና ማሽኑ በተገዛበት ዋጋ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ብዙ ቦታ እንዳለ ይቀራል። ገቢህ በ10 በመቶ ሲያድግ እሱ አያድግም። ስለዚህ 1,000ውን ለ5 አካፍለህ በየዓመቱ 200 ትቀንሳለህ እንበል፤ በአምስተኛው ዓመት ያ 200 የሚያድንህ ግብር በዛሬ ዋጋ ሲታይ በጣም አንሷል። ይህን ደግሞ በ9.09 በመቶ ማውረድ አይቻልም፤ በ20 ነው የሚወርደው። ሁለቱን መንገዶች ቀላቅሎ መያዝ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው።

@ካርቶን አምራች፣ የናንተ የግብር መጠንና የእርጅና አቆጣጠር ስንት እንደሆነ ሒሳብ ሠራተኛችሁን ጠይቀህ ብታመጣው አብረን እናየዋለን። ከዚያ በፊት ግን ለማን እንደምትሸጡ ወስኑ። ያ ካልታወቀ 8 ይሁን 10 መናገር አይቻልም።

የወረቀት ነጋዴ

ለትልልቆቹ ከሆነ የምትሸጠው፣ ውሉ ላይ የወረቀት ዋጋ በዚህን ያህል ከጨመረ የካርቶኑም ይጨምራል የሚል አንቀጽ ጠይቃቸው። የሚቀበሉ አሉ። የወረቀቱን ዋጋ ከኔ ደረሰኝ ማሳየት ትችላለህ።

ካርቶን አምራች

እንደዚያ ያለ አንቀጽ እንዳለ አላውቅም ነበር። ከሦስቱ አንዱን ሰኞ አገኘዋለሁ። የግብሩንም ይዤ እመለሳለሁ። ማሽን ሻጩ በዚህ ዋጋ የሚያቆይልኝ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው።

የፕሮጀክት ገምጋሚ

ወሩ ካለቀ ማሽኑ በስንት ይጨምራል? እሱንም ጠይቀው። 1,000ው 1,060 ቢሆን +58ው አለቀ ማለት ነው። ሳይጨምር ጥቂት ወር የሚጠብቅህ ከሆነ ግን ደንበኞቹ የሚሉትን ሰምተህ መወሰን ትችላለህ።